ከጸጉር ዳር የማይለቀው ግድግዳ

በሰኔና በሐምሌ የምርቃት ሰሞን ከፎቶ ቤቶች ደጃፍ የሚሰቀሉትን ትልልቅ ፎቶዎች ጠጋ ብሎ ላየ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ዓይኑን ይይዘዋል። ተመራቂዋ አበባ ከሞላበት ግቢ ፊት ቆማለች፤ ፊቷ ጥርት ብሏል፤ ጋዎኑም አምሮባታል። ጸጉሯን፣ ጆሮዋንና ትከሻዋን ተከትሎ ግን ቀጭን መስመር ይዞራል፤ አንዳንዴ ነጭ፣ አንዳንዴ አረንጓዴ፣ አንዳንዴም አመድማ። ሙያውን የማያውቅ ሰው እንኳ ምን እንዳየ ሳይለይ "ይቺ እዚያ አልነበረችም" ይላል።

እንዲህ ያለ መስመር ሲታይ አብዛኛው ሰው ጥፋቱን የሚጥለው በአቆራረጡ ላይ ነው። ማስኩን ወደ ውስጥ ገፋ ያደርጋል፣ ጠርዙን ያለሰልሳል፣ ካልሆነለትም ቆረጣውን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ለኮት ትከሻ ወይም ለጫማ ይህ ይበቃል። እነዚህ ጠርዛቸው ጠንካራ ስለሆነ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ቢቀነስላቸው ማንም አያውቅባቸውም። ጸጉር ግን እንዲህ ሲደረግበት ይመለጣል፤ የነጠላ ዘርፍም ተበልቶ ያልቃል። ጸጉርና ነጠላ ላይ ችግሩ ያለው ቅርጹ ላይ ሳይሆን ቀለሙ ላይ ነው። ጠርዙ በሚገባ ተቆርጦም የድሮው ጀርባ ቀለም ውስጡ ገብቶ ይቀራል፤ ስለዚህ መጽዳት ያለበት ቀለሙ ነው።

ነገሩን ለማየት አንድ ሥራ ይዘን እንሂድ። ልጆች ለእናታቸው ሙት ዓመት ባነር ሊያሠሩ መጥተዋል። በእጃቸው ያለው ጥሩ ፎቶ አንድ ብቻ ነው። እናትየው ነጠላ ተከናንበው፣ ሹሩባቸው ከግንባራቸው በላይ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀለም በተቀባ የሳሎን ግድግዳ ፊት ተቀምጠው በስልክ የተነሱት ነው። ልጆቹ የሚፈልጉት ጀርባው ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ እንዲሆንላቸው ነው። ተቆርጦ ወይን ጠጁ ላይ ሲቀመጥ፣ ከሹሩባው ያፈነገጡት ጥቃቅን ጸጉሮች አረንጓዴ ያዘለ አመድማ ሆነው ቁጭ ይላሉ፤ የነጠላው ዘርፍም ሣር የነካው ይመስላል። ታላቂቱ ልጅ ስክሪኑን አይታ "እማዬ እኮ ግድግዳውን ይዛው ነው የመጣችው" ትላለች። ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላውቅም፤ የሆነውም በትክክል ይኸው ነው።

ፎቶ በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች፣ በፒክስሎች የተሞላ ነው። አንድ ፒክስል መያዝ የሚችለው አንድ ቀለም ብቻ ነው። አንድ የጸጉር ዘለላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ፒክስል ይቀጥናል። ስለዚህ ከፒክስሉ ግማሹ ላይ ጸጉር፣ ግማሹ ላይ ግድግዳ ሲያርፍ ካሜራው ሁለቱን ለይቶ አያስቀምጥም፤ አደባልቆ አንድ ቀለም አድርጎ ይመዘግባቸዋል። ይህ ፒክስል ማኪያቶ ነው ማለት ይቻላል፤ ቡናውና ወተቱ ገብተው ተዋህደዋል። ቆራጩ ሰው ይህን ፒክስል በማስክ ግማሽ አሳላፊ ሲያደርገው ከስኒው ግማሹን ደፋ እንጂ ወተቱን ከቡናው አላወጣም። የቀረው ግማሽ ስኒም ያው ማኪያቶ ነው።

በቁጥር ሲታይ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። እያንዳንዱ ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን አለው፤ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 255 ይለካል። የአረንጓዴውን ብቻ እንውሰድ። በእኛ ፎቶ የጥቁሩ ጸጉር አረንጓዴ 30፣ የግድግዳው 210 ነው እንበል። ግማሹ ጸጉር ግማሹ ግድግዳ የሆነው ፒክስል 120 ይሆናል። ወይን ጠጁ ጀርባ ደግሞ አረንጓዴው 20 ብቻ ነው። ይህን 120 ግማሽ አሳላፊ አድርገን ወይን ጠጁ ላይ ስናስቀምጠው ከፒክስሉ 60፣ ከጀርባው 10 ይመጣና 70 ይሆናል። እናትየው በእውነት ወይን ጠጅ መጋረጃ ፊት ቢነሱ ኖሮ ግን ከጸጉሩ 15፣ ከመጋረጃው 10 መጥቶ 25 ይሆን ነበር። 25 መሆን የነበረበት ቦታ 70 ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ ጨለማ ስለሆነ ያ ፒክስል ያበራል። እንዲህ ያበሩ ፒክስሎች በጸጉሩ ዳር ተሰልፈው ነው መስመሩን የሚሠሩት። እዚህ ላይ ማስኩ ምንም አላጠፋም፤ "ግማሽ" ያለው ትክክል ነበር።

ይህ ግማሽ፣ ሩብ፣ ሲሶ እያለ የሚሸፍነውን መጠን የሚይዘው ቁጥር አልፋ ይባላል። ሐሳቡን በ1970ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ ያወጡት አልቪ ሬይ ስሚዝና ኤድ ካትሙል ናቸው። በ1984 ደግሞ ሉካስፊልም ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ምስልን በምስል ላይ የማስቀመጡን ስሌት በአንድ ጽሑፍ አደራጅተው አወጡት። ዛሬ በስልካችን ስቲከር ስንለጥፍ እንኳ የሚሠራው ያው ስሌት ነው። ስሌቱ ወደ ኋላም ይሄዳል። የድብልቁን ቀለም፣ የድሮውን ጀርባ ቀለምና አልፋውን ካወቅን ንጹሑን የጸጉር ቀለም ማግኘት እንችላለን፦

```
F = (C - (1 - a) * B) / a
```

`F` የምንፈልገው ንጹሕ ቀለም፣ `C` ካሜራው የመዘገበው ድብልቅ፣ `B` ግድግዳው፣ `a` አልፋው ነው። በእኛ ቁጥር 120 ላይ የግድግዳው ድርሻ የሆነው 105 ይቀነስና 15 ይቀራል፤ እሱ በ0.5 ሲካፈል 30 ይመጣል። ጸጉሩ ተመለሰ ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ሁልጊዜ በቀመር አይሠራም? ምክንያቱም አልፋው በእርግጠኝነት አይታወቅም። ከእያንዳንዱ ፒክስል የምናገኘው ሦስት ቁጥር ነው፤ የማናውቀው ግን አራት ነው፤ የጸጉሩ ሦስት ቀለሞችና አልፋው። ስሚዝና ጂም ብሊን በ1996 ይህን በጥንቃቄ አሳይተዋል፤ መውጫውንም ጨምረው ነግረዋል። ያው ነገር ምንም ሳይንቀሳቀስ በሁለት የተለያዩ ጀርባዎች ፊት ከተነሳ እኩልታው ይፈታል። ለጠርሙስ ወይም ለጌጣጌጥ ፎቶ ግሩም ዘዴ ነው። ለሰው ግን አይሆንም፤ ሰው ይተነፍሳል፣ ጸጉሩም ይንቀሳቀሳል። ለቆየ የእናት ፎቶማ የማይታሰብ ነው። ሌላም ጣጣ አለ። አልፋው በጣም ሲያንስ ማካፈሉ ስሕተትን ያበዛል። አልፋው 0.05 በሆነበት ፒክስል ላይ የ2 ስሕተት ብትኖር 40 ሆና ትወጣለች፤ ጠርዙም በነጠብጣብ ይሞላል።

ስለዚህ ፕሮግራሞቹ የሚሄዱት በሌላ መንገድ ነው። ከጠርዙ ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ግድግዳው ያልደረሰበትን ንጹሕ ቀለም ይወስዱና ወደ ውጭ ይጎትቱታል። ፎቶሾፕ ላይ `Select and Mask` ውስጥ ተገብቶ፣ `Output Settings` ሥር `Decontaminate Colors` ሲመረጥ የሚሆነው ይኸው ነው። የፒክስሎቹን ቀለም ራሱን ስለሚለውጥ ውጤቱን በአዲስ ሌየር ላይ ያወጣዋል፤ ዋናው ፎቶ ሳይነካ ይቀራል። `Amount` የሚለውን ከመጀመሪያው 100 ላይ አለማስኬድ ነው የሚሻለው። ከዝቅተኛ ተነስቶ፣ አረንጓዴው የጠፋበት ቦታ ላይ ማቆም ይበቃል። ከዚያ ካለፈ የጎረቤት ቀለም መጎተት ይጀምራል፤ በእኛ ፎቶ ላይ ነጠላው ከሹሩባው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነጭ ወደ ጸጉሩ ዳር ይፈስና ሌላ መስመር ይፈጠራል። `Layer` ሥር `Matting` ውስጥ ያለው `Defringe` ደግሞ ከዚህ ይቀላል። ስንት ፒክስል እንደሚያጸዳ ይጠይቃል፤ 1 ወይም 2 ይሰጠዋል። ጠርዙ ጠንካራ ለሆነ ነገር ጥሩ ነው፤ ለጸጉር ግን ብዙም አልመክረውም።

እኔ የበለጠ የማምነው የእጅ ሥራውን ነው። ማስክ ባለው በማንኛውም ፕሮግራም ላይ፣ በነፃ በሚገኘው ጂምፕም ጭምር ይሠራል። ዘዴው እንዲህ ነው። ሌየሩ ከነማስኩ ይባዛል፤ የመጀመሪያውም ይደበቃል። ከዚያ ማስኩ ሳይሆን የፎቶው ትንሽ ምስል ይመረጣል፤ እዚህ ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ማስኩ ላይ ከተቀባ ቅርጹ ይበላሻል። ብሩሹ ለስላሳ፣ ጉልበቱም ከ30 እስከ 50 በመቶ ይሁን። ቀለሙ የሚወሰደው ከጠርዙ ጥቂት ወደ ውስጥ፣ ጸጉሩ ጸጉር ከሆነበት ቦታ ነው፤ ፎቶሾፕ ላይ `Alt`፣ ጂምፕ ላይ `Ctrl` ተይዞ ሲነካ ብሩሹ ቀለሙን ያነሳል። ከዚያ አረንጓዴ በሆኑት ጸጉሮች ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ ይቀባል። ከጠርዙ አልፎ ቢፈስ ግድ የለም፤ ማስኩ የተረፈውን ይደብቀዋል።

መጀመሪያ ላይ ይህን የሚሞክር ሰው ይፈራል፤ በጸጉር ላይ ጥቁር ቀለም ስንቀባ ጸጉሩ ጭቃ የሚሆን ይመስለዋል። አይሆንም። ማስኩ ግራጫ በሆነበት በዚያ ቀጭን ክልል ውስጥ የዘለላዎቹን ቅርጽ የያዘው ማስኩ ነው። የትኛው ዘለላ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ፣ የቱ ቀጭን የቱ ወፍራም እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ከሥሩ ያለው ቀለም አንድ ወጥ ጥቁር ቡናማ ቢሆንም ማስኩ ቆርጦ ጸጉር ያደርገዋል። ጭቃ የሚሆነው ብሩሹ ማስኩ ሙሉ ነጭ ወደሆነበት ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። እዚያ ያለው የሹሩባው ንድፍ የፎቶው ራሱ ስለሆነ መነካት የለበትም። ቀለሙም በየአምስት በየስድስት ሴንቲሜትሩ እንደገና መነሳት አለበት፤ ከግንባር በላይ ያለው ጸጉር ብርሃን ስላረፈበት ይቀላል፣ ከጆሮ በታች ያለው ደግሞ ይጠቁራል። በአንድ ቀለም ዙሪያውን ከተቀባ አረንጓዴው ይሄድና ጥቁር መስመር ይተካዋል።

ወደ ነጠላው እንምጣ፤ እሱ የራሱ ባሕርይ አለው። ነጠላ ዳር ላይ ብቻ ሳይሆን በሙሉ አሳላፊ ነው፤ አንድ ፊት ብቻ ሆኖ በተንጠለጠለበት ቦታ ግድግዳው በክሮቹ መካከል ይታያል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ማስኩ ነጭ መሆን የለበትም፤ ግራጫ ሆኖ ወይን ጠጁን ማሳለፍ አለበት። ብዙዎች ነጠላውን ሙሉ በሙሉ ድፍን አድርገው ይቆርጡትና ግድግዳው በጨርቁ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ማስኩ ከተስተካከለ በኋላ የዘርፉ ክሮች ልክ እንደ ጸጉሩ ይጸዳሉ፤ ልዩነቱ ቀለሙ የሚነሳው ከነጠላው ድርብ ቦታ፣ ግድግዳው ከማያልፍበት መሆኑ ነው።

ይህም ተደርጎ ነጠላው አሁንም አረንጓዴ ሊያዘነብል ይችላል። ይህ ሌላ ነገር ነው። ብርሃን ግድግዳው ላይ ነጥሮ ጨርቁን አረንጓዴ አድርጎት ነው። ከጠርዙ ድብልቅ የሚለየው በስፋቱ ነው፤ የጠርዙ ድብልቅ ጥቂት ፒክስል ብቻ ሲሆን ይህ ትከሻውን ሁሉ ሊያለብስ ይችላል። እዚህ ላይ የፊልም ሰዎች ከሰማያዊና ከአረንጓዴ መጋረጃ ሥራ ያመጡት ቀላል ሕግ አለ። አረንጓዴው ከቀዩና ከሰማያዊው ከሚበልጠው አይለፍ። የነጠላው ፒክስል ቀይ 200፣ አረንጓዴ 225፣ ሰማያዊ 205 ከሆነ አረንጓዴው ወደ 205 ይወርዳል፤ ጨርቁም ወደ ነጭነቱ ይመለሳል። ፎቶሾፕ ላይ ቅርብ የሆነ ውጤት ለማግኘት `Hue/Saturation` ውስጥ `Greens` ተመርጦ `Saturation` ዝቅ ይደረጋል። ጂምፕም በዚያው ስም ያለው መሣሪያ አለው፤ እዚያም አረንጓዴው ብቻ ይመረጣል።

የሐበሻ ልብስ ላይ ግን ይህ ወጥመድ አለው። ጥለቱ አረንጓዴ ካለበት ሕጉ እሱንም ያጥባል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የነበረው ጥለት አመድማ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሆኖ ይወጣል። እናትየው ያን ነጠላ ራሳቸው መርጠው የለበሱት ስለሆነ ይህን ማጥፋት ቀላል ነገር አይደለም፤ ልጆቹም ጥለቱን ያውቁታል። ስለዚህ እርማቱ በማስክ ተወስኖ ነጩ ጨርቅ ላይ ብቻ ይሁን፣ ጥለቱም በብሩሽ ተለይቶ ይትረፍ።

ከሁሉ በፊት ግን ፎቶው እንዴት እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጄፔግ የሆነ ፎቶ ብዙ ጊዜ ቀለሙ የሚቀመጠው ከብርሃኑ በግማሽ ጥራት ነው፤ ስለዚህ የግድግዳው አረንጓዴ ከጠርዙ አንድ ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ፣ ሙሉ በሙሉ ጸጉር ወደሆነው ቦታ ይሰርጋል። ስልኮች ደግሞ ፎቶውን ራሳቸው ያሰሉታል፤ ይህም በጥቁር ጸጉርና በፈዛዛ ግድግዳ ድንበር ላይ ከግድግዳው ራሱ የነጣ ክር ይተዋል። ፎቶው በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ይህ ሁሉ ይብስበታል። ልጆቹን "እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩልኝ" ማለት ብቻ ግማሽ ሰዓት የብሩሽ ሥራ ያድናል። የተጨመቀው ብቻ ካለ ደግሞ ማጽዳቱ ከማስኩ ግራጫ ክልል ሁለት ፒክስል ያህል ወደ ውስጥ መግባት እንዳለበት ከወዲሁ ማወቅ ነው።

ሥራው ማለቁን ለማወቅ በተመረጠው ጀርባ ላይ ብቻ ማየት አይበቃም። ከምስሉ ሥር ሦስት ሌየሮች፣ ጥቁር፣ ነጭና ደማቅ ቀይ ተደርገው በየተራ ይታያሉ። ጥቁሩ የቀረውን ብሩህ መስመር ያጋልጣል፤ ነጩ ደግሞ ብሩሹ ከልክ ያለፈበትን ጥቁር መስመር። ቀዩ ላይ የአረንጓዴ ቅሪት ካለ አመድማ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ይህ መፈተሽ ያለበት በሚታተምበት መጠን ነው። 1,000 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ 1 ሜትር ስፋት ባለው ባነር ላይ ሲታተም አንዱ ፒክስል 1 ሚሊሜትር ይሆናል። ስልክ ላይ የማትታይ የሦስት ፒክስል መስመር በባነሩ ላይ 3 ሚሊሜትር ሆና የእናትየውን ራስ ትዞራለች፤ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰውም ያያታል።

አንድ መነካት የሌለበት መስመርም አለ። ሰው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ሲነሳ የጸጉሩ ዳር እውነተኛ ብርሃን ይይዛል። ይህ የሚታየው ፀሐይዋ ባለችበት በኩል ብቻ ነው፤ ስፋቱም እየሰፋ እየጠበበ ይሄዳል፤ ቀለሙም የግድግዳው ሳይሆን የፀሐይዋ ነው። የቀረው ጀርባ የሚፈጥረው መስመር ግን ዙሪያውን እኩል ስፋት አለው፤ ከኋላ የነበረውን ቀለምም ይዞ ይዞራል፤ ግድግዳው ያበቃበት ቦታ፣ ለምሳሌ ጥቁር ቁም ሣጥን ካለበት ጎን፣ ወዲያውኑ ቀለሙን ይለውጣል። በእኛ ፎቶ ላይ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ከመስኮት ስለሚመጣ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ሁሉም ይጸዳል። ፀሐይ የያዘ ጸጉር ሲያጋጥም ግን የሚለወጠው አዲሱ ጀርባ ነው፤ በዚያው በኩል ከኋላ ብርሃን ያለበት ጀርባ ይመረጥለታል።